ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሮጡ፦ ከመነሳታችን በፊት

እንደምን አደራችሁ! ቀረብ በሉ እስቲ፣ ከኋላ ያላችሁትም ኑ። ድምፅ ማጉያው እዚያ ድረስ አያሰማም።

ሌሎቹ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ነው። እናንተን ለብቻ የጠራናችሁ 10 ኪሎ ሜትር ስትሮጡ የመጀመሪያችሁ ስለሆነ ነው። ስትመዘገቡ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁኛል፤ «መጨረሻ ብወጣስ?» መጨረሻ የሚወጣ ሰው መኖሩ አይቀርም። ግን ብቻውን አይሆንም። እነዚህ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ልጆች ከመጨረሻው ሰው ጋር ነው የሚመጡት። አይቀድሙትም፣ አያጣድፉትም። ሜዳሊያውም ለእያንዳንዳችሁ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ቀድሞ የገባ ሰው የእናንተን አይወስድም።

ፍርሃቱ ይገባኛል። በአገራችን ሩጫ ሲባል ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ ናቸው ትዝ የሚሉን። ቀነኒሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው የጨረሰው። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ቀስ ብሎ መሮጥ ያሳፍረዋል። እባካችሁ ዛሬ አትፍሩ፣ ቀስ ብላችሁ በመሮጣችሁም እፍረት አይሰማችሁ፤ እንዲህ የምላችሁ ከልቤ ነው። መንገዱ ለ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ለእኛ ዝግ ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አስሉት፤ አንዴም ሳይሮጥ በጊዜው ይገባል ማለት ነው። መራመድ ይቻላል። ማቋረጥም አይደለም።

ከምነግራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙልኝ ከሆነ ይህን ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትር ቀስ በሉ። ከምትፈልጉት በላይ ቀስ በሉ። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ጎረምሶቹ ተፈትልከው ይሄዳሉ። እግራችሁም አርፎ ስላደረ ቀላል ይሆንላችኋል። ያኔ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ዋጋውን ደግሞ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይከፍላል። መለኪያችሁ ወሬ ነው። አጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀዝቀዝ በሉ። ማንም ቢያልፋችሁ ይለፋችሁ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን በዋናው ጎዳና ወደ ገብርኤል አደባባይ እንወጣና ዞረን እንመለሳለን። አንዱ ዙር 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለቴ እንዞራለን። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ዳገት አያስጨንቃችሁም። የሚያስጨንቀው የግማሹ ቦታ ነው። አንደኛውን ዙር ስትጨርሱ በመግቢያው አጠገብ ታልፋላችሁ። ቤተሰብ ቆሞ ታያላችሁ፣ የሙዙ ጠረጴዛ እዚያው ነው፣ አንዳንዱም ሊገባ ነው። ልባችሁ «ይበቃኛል» ይላችኋል። እዚያ ላይ ቆማችሁ አታስቡ። ውሃ ጠጡ፣ ከፈለጋችሁ ተራመዱ፣ ብቻ ኮኑን አልፋችሁ ሂዱ። መቶ ሜትር ከራቃችሁ በኋላ ሐሳቡ ራሱ ይለቃችኋል። ቤተሰቦቻችሁም እዚያ ጋ «በርቱ» እንጂ «ና አረፍ በል» እንዳይሉ ነግረናቸዋል።

ውሃ በየ2 ኪሎ ሜትር ተኩል አለ። አንድ ሁለት ጉንጭ ጠጡ፤ ጠርሙሱን ሙሉ ከጨለጣችሁ ሆዳችሁ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ጎናችሁን ከወጋችሁ ተራመዱ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ይለቃል። ቁርስ ሳትበሉ የመጣችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ግማሽ ሙዝ ውሰዱ።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ ስሙኝ። ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ወይም በዚህ ፀሐይ ብርድ ብርድ ካላችሁ ቁሙ። አትቀመጡና አትደበቁ፤ እጃችሁን አንሱ። ነጭ ጋውን የለበሱት ነርሶች በብስክሌት እየዞሩ ነው። አስም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ሻንጣ ውስጥ አትተዉ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ከረሜላ ያዙ፣ ለነርሶቹም ከመነሳታችን በፊት ንገሯቸው። ይህን መናገር አያሳፍርም።

እናቶች፣ እናንተ ነጠላችሁን ለምዝገባው ጠረጴዛ ስጡ፤ ስሙን ጽፈው ያስቀምጡላችኋል። የደረት ቁጥራችሁን ከፊት አድርጉት። የጫማችሁን ማሰሪያ አሁን እንደገና እሰሩ፣ ሁላችሁም፣ እጠብቃለሁ።

ጥሩ። ስንሰለፍ ከፊት አትቁሙ፤ ፈጣኖቹ እየገፉ ያልፏችኋል። ከኋላ፣ ከቢጫ ሰደርያዎቹ ፊት ለፊት ቁሙ። ፊሽካው ሲነፋ ወዲያው አትፈትለኩ፣ ሰዉ እስኪሳሳ ተራመዱ። እኔ መግቢያው ላይ ነኝ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ አልንቀሳቀስም።

በሉ፣ ወደ መነሻው እንሂድ።