ለእናትሽ ከመላክሽ በፊት፦ የላክሽልኝን የምንዛሪ ቻርት አብረን እንየው

እህቴ፣ ስክሪንሾቱ ደርሶኛል። «መጨረሻው ላይ ሁሉም ቀይ ሆኗል፣ ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» ያልሽውን ሳነብ ጭንቀትሽ ገባኝ። 600 ዩሮ ስንት ሰዓት ቆመሽ እንደምታገኚው አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ምስሉን እያየሁ ልጻፍልሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አንዴ ከገባሽ ከዚህ በኋላ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ከላይ በግራ በኩል EUR/USD የሚል አለ አይደል? ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከፊት ያለው ገንዘብ አንዱ፣ ከኋላ ባለው ስንት ያወጣል ማለት ነው። 1.0840 ሲል 1 ዩሮ 1.0840 ዶላር ያወጣል። አንቺ በእጅሽ ያለው ዩሮ ነው፣ የእናትሽ ሂሳብ ደግሞ የዶላር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይ ሲወጣ ለእናትሽ የሚደርሳት ይጨምራል፣ ሲወርድ ይቀንሳል። ሌላ አፕ ላይ ተገልብጦ USD/EUR ተብሎ ብታገኚው ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ ላይ አረንጓዴው ነው አንቺን የሚጎዳሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የሁለቱን ገንዘቦች ጥንድ ሳያይ ቀለሙን ያያል።

ቀለሙ ራሱ ምርጫ ብቻ ነው። አንቺ በላክሽው ላይ አረንጓዴ ጨመረ፣ ቀይ ቀነሰ ማለት ነው። በቻይና በተለመደው ቻርት ላይ ደግሞ ቀዩ ነው ጭማሪ። ቀይ የአደጋ ምልክት አይደለም፣ «አትላኪ» የሚልም አይደለም። በዚያ ቀን ዩሮ ከጀመረበት ዝቅ ብሎ ዋለ ማለት ነው፣ አለቀ።

ከጥንዱ አጠገብ 1D የሚል አለ። እያንዳንዷ ሻማ፣ ማለትም በቻርቱ ላይ የተደረደሩት ቀይና አረንጓዴ ዘንጎች እያንዳንዳቸው፣ የአንድ ቀን ታሪክ ናት ማለት ነው። 1H ብትነኪው እያንዳንዷ የአንድ ሰዓት፣ 1W ብትነኪው የአንድ ሳምንት ትሆናለች። ተመሳሳይ ገበያ በሰዓት ሲታይ ቀይ በቀይ፣ በሳምንት ሲታይ ደግሞ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው «ገበያው እየወረደ ነው» ሲልሽ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ጠይቂው። ለአንቺ ዓይነቱ፣ በወር አንዴ ለሚልክ ሰው፣ የሰዓቱ ቻርት ጭንቀት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ዝጊው።

አሁን ወደ ሻማዋ። አንዷን ብቻ እንያት፣ የመጨረሻዋን። ጣትሽን ስታስቀምጪባት ከላይ O 1.0871 H 1.0884 L 1.0826 C 1.0840 የሚል መስመር ይመጣል። O ቀኑ የተከፈተበት ዋጋ ነው። C የተዘጋበት። H በቀኑ ውስጥ የደረሰበት ከፍታ፣ L ደግሞ የወረደበት ዝቅታ። ወፍራሙ ክፍል፣ አካሏ እንበለው፣ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ያለውን ያሳያል። ከላይና ከታች የወጡት ቀጫጭን መስመሮች የሻማ ክር ይመስላሉ፣ ዋጋው ነክቷቸው የተመለሰባቸውን ቦታዎች ነው የሚያሳዩት። ይሄ አሳሳል ከጃፓን የሩዝ ነጋዴዎች የመጣ ነው ይባላል፤ ኦሳካ ውስጥ ዶጂማ የሚባለው የሩዝ ገበያ በ1730 ነበር በመንግሥት ፈቃድ ሥራውን የቀጠለው። ደስ የሚለኝ ነገር አራት ቁጥር በአንድ ትንሽ ሥዕል ውስጥ መግባቱ ነው።

ግን የመጨረሻዋ ሻማ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስክሪንሾቱን ያነሳሽው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀኑ አላለቀም ነበር። የምንዛሪ ገበያ ከእሑድ ማታ እስከ ዓርብ ማታ በኒውዮርክ ሰዓት ሳያቋርጥ ይሠራል። በአብዛኞቹ ቻርቶች ላይ የቀን ሻማ የምትዘጋውም በኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ እነሱ 5 PM በሚሉት ነው። ስለዚህ C 1.0840 የሚለው መዝጊያ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ የነበረው ዋጋ ነው። ያቺ ቀይ ሻማ እስከ ማታ ልታጥር፣ ልትረዝም፣ ጭራሽ አረንጓዴ ሆና ልትዘጋም ትችላለች። አንቺ ግን ስልክሽ ላይ የቆመ ምስል ነው ያለሽ። ገበያው ሄዷል፣ ምስሉ አልሄደም።

«ባለፈው ረቡዕ 1.0935 ደርሶ ነበር፣ እስኪመለስ ብጠብቅስ?» ብለሻል። ያቺን ሻማ አየኋት። አካሏ ትንሽ ነው፣ ከላይ ያላት ክር ግን ረጅም ነው። 1.0935 የክሩ ጫፍ ነው። ዋጋው እዚያ ደረሰ፣ ሻጭ በዛበት፣ ተገፍቶ ወረደና 1.0880 ላይ ዘጋ። እዚያ ጫፍ ላይ የቆየው ለደቂቃዎች ሊሆን ይችላል። አንቺ በዚያች ደቂቃ ስልክሽን ይዘሽ ብትጠብቂ እንኳን የገንዘብ መላኪያ ድርጅቱ ያንን ዋጋ አይሰጥሽም ነበር። እንዲህ ዓይነት ረጅም ክር ብዙ ጊዜ ትልቅ ዜና በሚወጣበት ቀን ነው የሚታየው፦ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት (አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ይወጣል)፣ ወይ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ስለ ወለድ ሲናገር። ስለዚህ ሻማ ስታዪ መጀመሪያ አካሏን እዪ። ክሩ ነክቶ የተመለሰ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽን ግን ከሁሉም በላይ ልብ በይልኝ። በቀኝ በኩል ያለውን የቁጥር ዓምድ እዪ። ከታች 1.0780፣ ከላይ 1.0940 ይላል። ከዜሮ አይጀምርም። አፑ አንድ ወር ሙሉ የሆነውን ትንሽ እንቅስቃሴ ወስዶ ስክሪንሽን እስኪሞላ ለጥጦታል። ለዚህ ነው ገደል የሚመስለው። ከምስሉ ግርጌ እስከ ጣሪያው ያለው ልዩነት በሙሉ 0.0160 ነው፣ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ። በ600 ዩሮ ስታባዢው 9.60 ዶላር። ማለትም በወሩ ውስጥ በጣም መጥፎውን ደቂቃና በጣም ጥሩውን ደቂቃ ብታወዳድሪ እንኳን የሚለያዩት በዚህ ብቻ ነው። ያስፈራችሽ ቀይ ሻማስ? ከ1.0871 ወደ 1.0840 ነው የወረደችው። በ600 ዩሮ 1.86 ዶላር። ሌሊቱን ያልተኛሽላት ሻማ ዋጋዋ ይሄ ነው።

አልናቅኩትም፣ 1.86 ዶላርም ገንዘብ ነው። ግን ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው፣ ቻርቱ ላይ በማይታይ ቦታ።

ቻርቱ የሚያሳየው ትልልቅ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበትን ዋጋ ነው። አንቺና እኔ በዚያ ዋጋ አንገበያይም። መላኪያ ድርጅቱ ከዚያ ላይ ቀንሶ የራሱን ተመን ያወጣል፣ ልዩነቱ የሱ ትርፍ ነው። ትናንት በስልክ የነገርሽኝን ሁለቱን መላኪያዎች አስልቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ያለ ምንም የአገልግሎት ክፍያ» ይላል፣ ተመኑ ግን 1.0650 ነው። 600 ዩሮ ስትልኪ እናትሽ 639.00 ዶላር ያገኛሉ። ሁለተኛው 3.50 ዩሮ ይቆርጣል፣ ተመኑ ግን 1.0815 ነው። የቀረውን 596.50 ዩሮ ስትመነዝሪው 645.11 ዶላር ይሆናል። ክፍያ የሚያስከፍለው በ6.11 ዶላር በለጠ! በቻርቱ ዋጋ በ1.0840 ቢሆን 650.40 ይሆን ነበር። እንግዲህ «ነጻ» የተባለው 11.40 ዶላር ወስዶብሻል ማለት ነው፣ የወሩን ገደል በሙሉ ከሚያህለው በላይ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሰው ሻማ ላይ አፍጥጦ ሲጨነቅ ገንዘቡ ዝም ብሎ በዚህ በኩል ይሄዳል።

ስለዚህ ቻርቱን ጣይው አልልሽም፣ እንደ መለኪያ ተጠቀሚበት። ከመላክሽ በፊት ክፈቺው፣ የአሁኑን ቁጥር እዪ፣ ከዚያ መላኪያው የሰጠሽን ተመን አጠገቡ አስቀምጪ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚወስዱብሽ ይነግርሻል። ቅዳሜና እሑድ ገበያው ዝግ ስለሆነ አንዳንድ መላኪያዎች ለራሳቸው መጠባበቂያ ብለው ያንን ርቀት ያሰፉታል። ካልቸኮልሽ በሥራ ቀን ላኪ።

መጠበቅን በተመለከተ የራሴን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ልክ እንዳንቺ ቀይ አይቼ «አረንጓዴ እስኪሆን» ብዬ ሦስት ሳምንት ያዝኩት። በመሀል ሦስት አረንጓዴ ሻማ መጣ፣ «ገና ይጨምራል» ብዬ ያንንም አሳለፍኩት። በመጨረሻ ከጀመርኩበት ዝቅ ባለ ተመን ላክሁ። ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ ግን ቤተሰቤ ያንን ሦስት ሳምንት ተበድረው መኖራቸው ነው። ሳልነግራቸው ነው የጠበቅሁት። ሻማዎቹ ያለፈውን ነው የሚያሳዩት። ሦስት ቀይ ተከታተለ ማለት አራተኛው ቀይ ይሆናል ማለት አይደለም፣ አረንጓዴ ይሆናል ማለትም አይደለም። ኢንተርኔት ላይ «ይሄ ቅርጽ ከመጣ ይነሳል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለነጋዴ የሚሆን ነገር ይኖረው ይሆናል። ለእናትሽ መድኃኒት ግን በዚያ ላይ አትወራረጂ።

በእርግጥ ቀን የማያስገድድሽ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለቤት መሥሪያ የምታጠራቅሚው፣ ከፋፍለሽ በሦስት በአራት ጊዜ ላኪው። አንዱ በጥሩ ተመን አንዱ በመጥፎ ይሄድና መካከለኛ ላይ ይቆማል። ክፍያው በየጊዜው የሚቆረጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ አስዪው፣ ለ150 ዩሮ 3.50 መክፈል ያማል።

የዚህ ወሩ ግን የእናትሽ ነው፣ እስከ ሐሙስ መድረስ አለበት ብለሽኛል። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ገበያው ክፍት ነው። ሁለተኛውን መላኪያ ክፈቺ፣ 600 አስገቢ፣ «ተቀባይ የሚያገኘው» የሚለው መስመር ላይ የሚመጣውን ቁጥር እዪ። ከ645 ብዙ ካልራቀ ላኪው። ከራቀብሽ «አረጋግጥ» የሚለውን ሳትነኪ ያንን ገጽ ስክሪንሾት አድርገሽ ላኪልኝ፣ እስከ ማታ ስልኬ አጠገብ ነኝ።