ፋብሪካው ስለሚዛወርበት ጉዳይ ለሠራተኞች የሚቀርብ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ማይኩ ሩቅ አይሰማም።

ስለ አዲሱ ግቢ ከማውራቴ በፊት በየፈረቃው የሚወራውን እኔው ልናገረው። አንደኛው፣ «መዛወሩ ሰበብ ነው፤ የተፈለገው ሰው መቀነስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «27 ኪሎ ሜትር በየቀኑ ማን ይመላለሳል?» ሦስተኛው ከጥገና ክፍል የመጣ ነው፤ «እነዚህ ማሽኖች አንዴ ከተነቀሉ እንደ ድሮው አይሆኑም።» ተሳስታችኋል ልላችሁ አልቆምኩም። ለሁለቱ መልስ አለኝ። ለአንዱ ግን ያለኝ ግማሽ መልስ ነው።

እንቅልፍ በሚነሳው ልጀምር። 212ታችሁም ከነደመወዛችሁ፣ ከነአገልግሎት ዘመናችሁ ትዛወራላችሁ። ይህን በቃል ብቻ ብነግራችሁ አትመኑኝ። ባለፈው ስለ ደንብ ልብስ በቃል ተነግሯችሁ የቀረውን እኔም አልረሳሁትም። ስለዚህ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈረመው ስምምነት መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። መሄድ የማይችል ሰው በፈቃዱ እንደለቀቀ አይቆጠርም፤ ካሳው ይከፈለዋል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሱን ዘላችሁ እንዳታልፉት።

ለምን እዚሁ አንቆይም? የመጋዘን ልጆች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያለን አንድ በር ነው። ጥሬ ዕቃ ሲራገፍ፣ ያለቀው ምርት ተጭኖ ለመውጣት ተራ ይጠብቃል። በዚህ ላይ አዲሱ ማሸጊያ ማሽን በጣሪያው ቁመት ምክንያት አይገባም።

ወደ ማሽኖቹ ልምጣ። ጥገናዎች፣ ስጋታችሁ ልክ ነው። ማሽን የሚጎዳው መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ብቻ አይደለም። መሠረቱ ሳይጠነክር ሲጫንበት፣ ወይም ውሃ ልኩ ሳይስተካከል ሲታሰርም ይጎዳል። ስለዚህ ኮንክሪቱ 28 ቀን ሳይሞላው ምንም አይጫንበትም። አራቱ መስመሮችም አንድ ላይ አይነቀሉም። የመጀመሪያው እዚያ ተተክሎ ሁለት ሳምንት በደንብ ካልሠራ፣ ሁለተኛው አይነካም። የምትነቅሉትም የምትተክሉትም እናንተው ናችሁ። የትኛው ብሎን እንደሚያስቸግር ከውጭ የመጣ ሰው ከየት ያውቃል?

የቀረው መንገዱ ነው፤ ግማሽ መልስ ያልኳችሁም ይሄ ነው። ባለፈው ሳምንት በጠዋት ፈረቃ ሰዓት ራሴ ሄጄበት 55 ደቂቃ ፈጀብኝ። «ግማሽ ሰዓት ነው» ያላችሁ ካለ፣ እሁድ ቀን የሄደ ሰው ነው። አምስት ሰርቪስ ይመደባል፤ ከሰዓቱ ግማሹም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ግን ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመጣ ሰው ይሄ አይበቃውም። ለእሱ ዛሬ መፍትሔ አለኝ ብል ውሸት ነው። በሩ አጠገብ መዝገብ አለ፤ እስከ ዓርብ ችግራችሁን ከነሰዓቱ ጻፉ። የፈረቃ ድልድሉ የሚወጣው እሱ ከታየ በኋላ ነው።

እንግዲህ ማይኩ የእናንተ ነው። ቅድም ከጥገና በኩል እጅህን ያወጣኸው፣ አንተ ጀምር።