አማቷ ወጡ፣ እሷ ተናገረች፦ ከእርግዝና ክትትል ክፍል የተጻፈ ግለ ምልከታ

ይህ ጽሑፍ በሦስተኛ ዓመት የሚድዋይፈሪ ትምህርቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ ያየሁትን ይመለከታል። የተከተልኩት ግራሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበውን ባለ ስድስት ደረጃ የምልከታ ዑደት ነው። የእናቲቱን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አልጻፍኩም።

የሆነው

ሰኞ ጠዋት ነው። ክፍሉ ሞልቷል። ከገጠር ቀበሌ አንዲት ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር በባጃጅ መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ 34 ሳምንት ሆኗታል። የምትናገረው ኦሮምኛ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ኦሮምኛ አልችልም። አማቷ አማርኛ ስለሚችሉ ማስተርጎሙን ያዙ። "እንዴት ነሽ? የሚሰማሽ ነገር አለ?" ስል ጥያቄው እሷ ጋ ሳይደርስ መልሱ መጣ። "ደህና ናት ልጄ። መንገዱ ነው ያደከማት።"

ቢፒዋን ስለካ 150/100 ሆነ። አሳርፌያት ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ወዲያው ለተቆጣጣሪዬ ለሲስተር ነገርኳት። ሲስተር ቁጥሩን አየችና ወደ አማትየዋ ዞረች። "እማማ፣ ካርዱን ይዘው ላብራቶሪ ወረፋ ይያዙልን" አለቻቸው በአክብሮት። በሩን ገርበብ አድርጋ ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጠች። "ማታን ሲ ዱኩባ?" ራስሽን ያምሻል ወይ ማለቷ ነው። እናቲቱ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረች። ራሷን ማመም ከጀመራት ሰንብቷል፤ ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ወጣ። መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዝየም ሰልፌት ተሰጥቷት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተባለች።

የተሰማኝ

ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። ሲስተር አማትየዋን ስታስወጣቸው ደግሞ ግራ ገባኝ፤ ጊዜ የምናባክን መስሎኝ ነበር። ልጅቷ መናገር ስትጀምር ግን እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ቀን ሕመሙን ለብቻዋ ይዛው ነበር።

ግምገማ

መለኪያው ተደግሟል፣ ሲስተርም በፍጥነት ተጠርታለች። ይህ ጥሩ ነበር። ጎዶሎው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። ታሪኳን የተቀበልነው ከእሷ አልነበረም።

ትንተና

ከ20 ሳምንት በኋላ ቢፒ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው። ከባድ የሚባለው ደግሞ 160/110 ሲደርስ ወይም እንደ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ያሉ ምልክቶች ሲኖሩ ነው። የእሷ 150/100 በቁጥር ብቻ ከዚያ በታች ነው። ወደ ከባዱ ያሻገራት ራስ ምታቱና የዓይኗ ብዥታ ነው። እነዚህን ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይለካቸውም። ካልተጠየቀች በቀር ማግኒዝየም ሳታገኝ ቤቷ ልትመለስ፣ እዚያም ልትንቀጠቀጥ ትችል ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አለች? አማትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ከፍለው ያመጧት፣ ወረፋ የያዙላት እሳቸው ናቸው። ግን አዲስ ሙሽራ በአማቷ ፊት "አመመኝ" ለማለት ይከብዳታል፤ ከሥራ መሸሽ እንዳይመስልባት ትፈራለች። በክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶችም ነበሩ። አጠያየቁም አለበት። "እንዴት ነሽ?" ሲባል የአገራችን ሰው መልሱ "ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን" ነው። ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይሆንም። ሲስተር የጠየቀችው አንድ የሰውነት ክፍል ለይታ፣ በራሷ በእናቲቱ ቋንቋ፣ አማቷ በሌሉበት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መልሱ ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

ድምዳሜ

በዚያ ክፍል ኦሮምኛ የሚችል ባለሙያ ነበር። ትርጉሙን ከመነሻው ከቤተሰብ ይልቅ ለባለሙያ መስጠት ይቻል ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ወጥቶ የሚጠብቅበት ጊዜ ለሁሉም እናት በመደበኛነት ቢኖር፣ አማትም ቅር አይላቸውም፣ ምራትም በቤት አትጠየቅበትም።

የድርጊት ዕቅድ

ቀጣዩ ምድቤ የማዋለጃ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት የአደገኛ ምልክቶችን ጥያቄዎች በኦሮምኛ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እለማመዳለሁ፦ ራስ ምታት፣ ብዥታ፣ ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ። መልሱን መረዳት ካቃተኝ ባለሙያ እጠራለሁ፤ ዘመድ አላስተረጉምም።

የማግኒዝየም አሰጣጥንም አጠናለሁ። የመጀመሪያው ዶዝ 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫ ተከፍሎ በጡንቻ ነው። ቀጣዩ ከመሰጠቱ በፊት አተነፋፈስ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩና የሽንት መጠን ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት የት እንደሚቀመጥ ማዋለጃ ክፍል በገባሁበት ቀን ሲስተርን እጠይቃለሁ። ሁሉም እናት ለብቻዋ የምትጠየቅበትን ጥቂት ደቂቃ በክትትሉ ውስጥ እንድናስገባ ደግሞ በሚቀጥለው የተማሪዎች ውይይት ላይ ለተቆጣጣሪዎቻችን አቀርባለሁ።