ጉዳዩ፦ የምግብ ዘይት ማከፋፈያ ውል ስለማቋረጥ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም
ለአከፋፋይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አዳማ

ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም በተፈራረምነው ውል አንቀጽ 14.2 መሠረት ያልተከፈለ ብር 1,840,000 በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ያስጠነቀቅንበትን ደብዳቤ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም ፈርመው ተቀብለዋል። ቀኑ ከማግስቱ ተቆጥሮ ጥቅምት 12 አብቅቷል። ጥቅምት 8 የገባው ብር 400,000 ጉድለቱን አላረመም፤ የተቀበልነውም ከዕዳው ለመቀነስ እንጂ መብታችንን ለመተው ወይም ጊዜ ለማራዘም አይደለም።

ስለዚህ በውሉ አንቀጽ 14.3 እና በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1786 መሠረት ውሉ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ተቋርጧል። ቀሪ ብር 1,440,000 ከነወለዱ ይክፈሉ፤ የንግድ ምልክታችንን መጠቀም ያቁሙ፤ በ10 ቀን ውስጥ የመጋዘን ቆጠራ ያቅርቡ። ያልተከፈተ ምርት በውሉ አንቀጽ 16 መሠረት በተሸጠበት ዋጋ ተመልሶ ከዕዳው ይቀነሳል።

የአቅራቢው ዋና ሥራ አስኪያጅ (ፊርማና ማኅተም አለው)
አባሪ፦ የማስጠንቀቂያው ቅጂ ከመረከቢያ ፊርማ ጋር፣ 3 ደረሰኝ