ለመጀመሪያው ረቂቅ የተሰጠ አስተያየት፦ ማስረጃ ስለሚጎድላቸው አንቀጾች

ለሰላማዊት፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ
ጉዳዩ፦ «የከተማ መስፋፋትና በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ኑሮ» በሚል ርእስ ያቀረብሽው ድርሰት

ውድ ሰላማዊት፣

ረቂቅሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘጠኙም አንቀጾች ኃይለ ቃል አላቸው፤ ኃይለ ቃሉም በየአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ግልጽ ሆኖ ተቀምጧል። የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነጥዬ በተርታ ሳነባቸው፣ ድርሰቱ ከከተማዋ መስፋፋት ተነሥቶ በመኖሪያ ቤት፣ በትራንስፖርት፣ በአርሶ አደሮችና በወንዙ በኩል አልፎ ወደ መደምደሚያው የሚደርስበት መንገድ ሳይቋረጥ ይታየኛል። በመጀመሪያ ረቂቅ ይህን የሚያሳካ ተማሪ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ የድርሰቱ አጽም ትክክል መሆኑን አትርሺ።

ችግሩ ያለው ከኃይለ ቃሉ ቀጥለው በሚመጡት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። መዘርዝር ሊሆኑ የሚገባቸው እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ኃይለ ቃሉን አይዘረዝሩትም፤ በሌላ ቃል መልሰው ይሉታል እንጂ። ሁለተኛው አንቀጽሽ እንዲህ ይላል፦ «የአዲስ አበባ ከተማ ባለፉት ዓመታት በከፍተኛ ፍጥነት ተስፋፍታለች። እንደሚታወቀው ይህ መስፋፋት እጅግ ፈጣን ነው። ከተማዋ ከቀድሞው ይልቅ በጣም ሰፍታለች። ስለዚህ የከተማዋ መስፋፋት ማንም ሊክደው የማይችል ሐቅ ነው።» አራቱም ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት አንድ ነገር ነው። ምስክር ሳይጠራ ክሱን ደጋግሞ የሚያነብ ከሳሽ ችሎቱን እንደማያሳምን ሁሉ፣ ይህም አንቀጽ አንባቢውን ከተነሣበት ቦታ አያንቀሳቅሰውም፤ ያመነው እንዳመነ፣ የተጠራጠረውም እንደተጠራጠረ አንቀጹን ይጨርሳል።

እዚህ ላይ «እንደሚታወቀው» እና «ማንም ሊክደው የማይችል» የሚሉትን አገላለጾች ልብ እንድትያቸው እፈልጋለሁ። በረቂቅሽ ውስጥ «እንደሚታወቀው»፣ «የአደባባይ ምስጢር ነው» እና «ሁሉም የሚያውቀው ነው» የሚሉ ቃላት በገቡበት ቦታ ሁሉ መግባት የነበረበት ማስረጃ ነው። በንግግር ላይ እነዚህ ቃላት አድማጭን ያግባባሉ፤ በጽሑፍ ግን የጎደለውን ነገር ይሸፍናሉ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አስምሬባቸዋለሁና አንድ በአንድ ሰርዘሻቸው በቦታቸው ምን መግባት እንዳለበት ራስሽን ጠይቂ።

ለሁለተኛው አንቀጽ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባን ነዋሪ 2,739,551 አድርጎ መዝግቧል፤ ቀደም ያለውን የ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት አጠገቡ ብታስቀምጪው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ይናገራል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ መዋቀሩም በምሥራቁ ዳርቻ የሰፈረው ሕዝብ ራሱን የቻለ አስተዳደር እስከሚያሻው መብዛቱን ያመለክታል። ነገር ግን አስተውዪ፤ የቆጠራው ቁጥር የሚያስረዳው የሕዝብን ብዛት እንጂ የመሬትን ስፋት አይደለም። ኃይለ ቃልሽ «ተስፋፍታለች» ስለሚል፣ ወይ ስለ መሬቱ ስፋት የሚናገር ማስረጃ ፈልጊ፣ ወይም ኃይለ ቃሉን «የነዋሪዋ ቁጥር ጨምሯል» ወደሚል አስተካክዪው።

ዋናው አስተያየቴም ይኸው ነው። ማስረጃ አንቀጹ ተጽፎ ካለቀ በኋላ እንደ ጌጥ የሚለጠፍ ነገር አይደለም፤ ፍለጋው ኃይለ ቃሉን ራሱን ይለውጠዋል። ዘጠኙም ኃይለ ቃላትሽ «በከፍተኛ ፍጥነት»፣ «ከፍተኛ ችግር»፣ «ሁሉም ነዋሪዎች» በሚሉ ሰፋፊ ቃላት የተሞሉ ናቸው። እንዲህ የሰፋ አባባል በአንድ አንቀጽ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ማስረጃ ያጣሽውም ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ ስፋት የተነሣ ይመስለኛል። አባባሉን ስታጠቢው ግን ምን ፈልገሽ ማግኘት እንዳለብሽ ወዲያው ይታይሻል።

አራተኛውን አንቀጽ እንውሰድ። «በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ከፍተኛ የትራንስፖርት ችግር አለባቸው» ብለሽ ጀምረሽ፣ ችግሩ ከባድ እንደሆነ፣ ሕዝቡን እንዳማረረና መፍትሔ እንደሚያሻው በአምስት ዓረፍተ ነገሮች ትገልጫለሽ። አንድም ቦታ፣ አንድም መንገደኛ፣ አንድም ሰዓት አልተጠቀሰም። ስለ ርእሱ ልንነጋገር ቢሮ በመጣሽበት ዕለት ግን እናትሽ ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንደሚወጡ፣ እስከ ቃሊቲ በታክሲ ሄደው ከዚያ ባቡር እንደሚይዙ፣ የሚያደክማቸውም የባቡሩ ጉዞ ሳይሆን የታክሲው ሰልፍ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። ይህ ሁሉ በድርሰቱ ውስጥ የለም! የቤተሰብን ኑሮ በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ ማንሣት ተገቢ አይደለም ብለሽ አስበሽ ይሆናል፤ ማን እንደተናገረው በግልጽ እስከተቀመጠና ከሌላ ማስረጃ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ግን ተገቢ ነው። ያልሽኝን ይዤ አንቀጹ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይሽ፦

«ከቃሊቲ ወዲያ ባሉ አዳዲስ መንደሮች ለሚኖር ሠራተኛ አስቸጋሪው ጉዞ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ያለው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የሚገኙት ከዚህ መጨረሻ አልፎ ነው። የኮዬ ፈጬ ነዋሪ የሆኑት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት መርካቶ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ይወጣሉ፤ በታክሲ ሰልፍ ቆመው የሚያጠፉት ጊዜ ከባቡሩ ጉዞ ይልቅ እንደሚያደክማቸውም ይናገራሉ። መስመሩ ቤቶቹ ከተሠሩበት ቦታ ሳይደርስ ማብቃቱ ነዋሪው በባቡር ለመጠቀም አስቀድሞ ሌላ ትራንስፖርት እንዲጠብቅ አድርጎታል።»

ይህን አንቀጽ እንድትገለብጪው አልፈልግም፤ አሠራሩን ግን ተመልከቺ። ኃይለ ቃሉ ጠቧል፤ «ሁሉም» የሚለው ቃል ወጥቷል። ከዚያ ማንም ሊያጣራው የሚችል መረጃ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ሰው የኖረው ተጨባጭ ኑሮ ተከተለ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁለቱን አገናኝቶ ለምን ኃይለ ቃሉን እንደሚደግፉ ያብራራል። ይህን የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር እንዳትዘነጊው አደራ እልሻለሁ፤ ተማሪዎች ማስረጃ እንዲጨምሩ ሲነገራቸው ቁጥርና ጥቅስ ደርድረው ዝም ይላሉ፤ አንባቢውም ግንኙነቱን ራሱ እንዲፈልግ ይገደዳል። የሚቀረው ጉድለት የእናትሽ ምስክርነት የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ ከታክሲ ተራው ቆመሽ ሰልፉ ስንት ሰው እንደያዘና ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ብትመዘግቢ፣ አንቀጹ በማንም የማይናወጥ ይሆናል።

አምስተኛው አንቀጽ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የአካባቢው አርሶ አደሮች በመስፋፋቱ ተጎድተዋል» የሚለው አባባል ከባድ ነው፤ የሰዎችን ኑሮና የመንግሥትን አሠራር ስለሚነካ ያለ ማስረጃ ሊጻፍ አይገባም። ሕጉን ብትመለከቺ፣ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ይዞታውን በቋሚነት ለሚለቅ ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲሰላ ያዝዝ ነበር። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ያባዛዋል። ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም የሚያስረዳው ምን ሊከፈል ይገባ እንደነበር ብቻ ነው። ምን እንደተከፈለና ገንዘቡ ለምን እንደዋለ የሚያስረዱት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ መሬታቸውን የለቀቁ አንድ ሁለት አባወራዎችን ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሺ አነጋግሪ፤ የሚነግሩሽ ከጠበቅሽው የተለየ ከሆነም እንዳለ ጻፊው። አንዱ ተጎዳሁ፣ ሌላው ደግሞ ተጠቀምኩ ቢሉሽ፣ አንቀጽሽ የሚሻለው ሁለቱንም ሲይዝ ነው።

በረቂቁ ውስጥ አንድ እውነተኛ ማስረጃ አግኝቻለሁ፤ እሱም ያለ ቦታው ነው የተቀመጠው። መደምደሚያው ውስጥ «አያቴ በልጅነታቸው ከአቃቂ ወንዝ ቀድተው ይጠጡ እንደነበር ይናገራሉ» ብለሻል። ከጠቅላላው ድርሰት ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ወንዙ ብክለት ወደሚናገረው ስድስተኛ አንቀጽ አዛውሪውና አስፊው፤ አያትሽ ይቀዱ የነበረው ከትልቁ አቃቂ ነው ወይስ ከትንሹ? ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ስለሆነና የሚያቋርጧቸው ሰፈሮች ስለሚለያዩ ጥያቄው ትንሽ አይደለም። መቅዳት ያቆሙት መቼ ነው? ለምን? የእርሳቸው ቃል የሚያረጋግጠው የሰው አጠቃቀም መለወጡን እንጂ የብክለቱን መጠን ወይም መንሥኤውን አለመሆኑንም አትዘንጊ። «ፋብሪካዎች በክለውታል» ለማለት የውኃ ምርመራ ውጤት ያስፈልግሻል፤ ካላገኘሽ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጪው።

ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚናገረው ሦስተኛ አንቀጽ በቀላሉ ይስተካከላል። «ለብዙዎች ተስፋ ሆነዋል» ካልሽ በኋላ የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 መርሐ ግብሮች ተመዝጋቢው በቅድሚያ የሚከፍለውን ድርሻ እንዴት እንደሚለያዩት አስረጂና ተስፋው ለየትኛው የገቢ ደረጃ እንደሆነ አሳዪ። ሰባተኛውና ስምንተኛው አንቀጾች ደግሞ አንድ ሐሳብ ስለሚደጋግሙ ይዋሐዱ። በመግቢያውና በመደምደሚያው ላይ ለጊዜው ምንም አትድከሚ፤ የመካከለኞቹ አንቀጾች ሲለወጡ እነሱም መለወጣቸው አይቀርም።

ሥራውን ከአራተኛው አንቀጽ ጀምሪ፤ የሚያስፈልግሽ መረጃ አብዛኛው በእጅሽ ነው። ሌሎቹን አንቀጾች ከመጻፍሽ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ በግራ በኩል ኃይለ ቃሉን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ያለሽን ማስረጃና ከማን ወይም ከየት እንዳገኘሽው አስፍሪ። ቀኙ ባዶ የሚሆንበት ኃይለ ቃል ካለ ወይ አጥብቢው ወይ ተዪው፤ ከዘጠኝ አንቀጾች ስድስት ብቻ ቢተርፉሽ ነጥብ አልቀንስብሽም። ወረቀቱን በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ወደ ቢሮዬ ይዘሽው ነዪ፤ ሁለተኛውን ረቂቅ መጻፍ የምትጀምሪው እሱን አብረን ካየነው በኋላ ነው።

የድርሰት አጻጻፍ መምህርሽ