በሬ የሌለበት እርሻ፦ ስለ ዋቢዎች ለቀረበ የግምገማ አስተያየት የተሰጠ መልስ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ «በሬ የሌለበት እርሻ፦ ክፉ ቀን በሰሜን ሸዋ» በሚል ርእስ ባቀረብሁት ጽሑፍ ላይ ሁለተኛው ገምጋሚ ለሰጡት አስተያየት መልስ ስለ ማቅረብ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ክፉ ቀን ስለተባለው፣ የቀንድ ከብት በበሽታ ስላለቀበት ታላቅ ረኃብ ባቀረብሁት ጽሑፍ ላይ የሁለቱን ገምጋሚዎች አስተያየት ከእርስዎ ማስታወሻ ጋር አያይዘው ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ገምጋሚ የጠየቋቸው ጥቂት የአጻጻፍ ማስተካከያዎች ስለነበሩ ሁሉንም ተቀብዬ በተሻሻለው ረቂቅ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ በእነርሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ሁለተኛው ገምጋሚ «የጽሑፉ ዋና ዋና ድምዳሜዎች ከዚህ በጠነከሩ፣ በቁጥርም በበዙና በቅርብ ጊዜ በታተሙ ዋቢዎች መደገፍ አለባቸው» በማለት ያቀረቡትን አስተያየት ነው። ዋቢ መጠንከር አለበት በሚለው ከገምጋሚው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ጥንካሬው በምን ይለካል በሚለው ላይ ነው፤ በእኔ እምነት ለድርጊቱ ቅርብ የሆነ አንድ ምንጭ እርሱኑ ደግመው ከጻፉ አሥር መጻሕፍት ይበልጣል። ማሻሻያውን ያደረግሁት በዚህ መለኪያ ነው።

ገምጋሚው አጥብቀው የያዙት በ4ኛው ገጽ ላይ የሚገኘውን አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «በረኃቡ የአገሪቱ ሕዝብ ሢሶ፣ የቀንድ ከብቱ ደግሞ ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ ይነገራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ ዋቢውም አንድ ብቻ ነበር። ገምጋሚው ይህ አኃዝ በብዙ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ስለሚገኝ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዋቢ እንዲጨመርበት ጠይቀዋል። አስተያየቱን ተከትዬ አኃዙን የሚጠቅሱ ጽሑፎችን በየግርጌ ማስታወሻቸው ወደ ኋላ ስከታተል መንገዱ ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ደረሰ፤ አዲሱ ከእርሱ በፊት የታተመውን ይጠቅሳል፣ ያም ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1966 ከ1888 እስከ 1892 ስለነበረው ታላቅ ረኃብ ያሳተሙትን ጥናት ይጠቅሳል፣ ያ ጥናት ደግሞ በዘመኑ በአገሪቱ የነበሩ መንገደኞችና ሚሲዮናውያን የጻፉትን ይዞ ይናገራል። እነዚያ ሰዎች ያዩትን ጽፈዋል፣ የሰሙትን ጽፈዋል፣ ገምተዋል፤ የቆጠረ ግን አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

ስለዚህ አምስት ዋቢ ብደረድር አንባቢው አምስት ምስክር የቆመ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንዱ ምስክር አምስት ጊዜ መጠራቱ ነው። በተሻሻለው ረቂቅ አኃዙን አላወጣሁትም፤ በዘመኑ የነበሩ ታዛቢዎች ግምት መሆኑን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገልጬ፣ ግምቱን የሰበሰበውን የ1966ቱን ጥናት ብቻ ጠቅሼ፣ ከሥሩ ባለው ማስታወሻ የጥቅሱን መንገድ በአጭሩ አሳይቻለሁ። የጽሑፌም ክርክር በሢሶው ላይ አልቆመም። የሕዝቡ አራተኛ እጅ ሞቶ ቢሆን ወይም አምስተኛው፣ በሬው ያለቀበት ገበሬ መሬቱን ማረስ አለመቻሉ አይለወጥም።

ከብቱን የፈጀው በሽታ በምጽዋ በኩል ስለ መግባቱ በ5ኛው ገጽ የቀረበውም አንቀጽ እንዲሁ ተሻሽሏል። ገምጋሚው በሽታውን ያስገቡት ከብቶች ከየት እንደተጫኑ እንድገልጽና የኢጣልያ ቤተ መዛግብት ሰነዶችን እንድጠቅስ ጠይቀዋል። ኢጣልያኖች ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1885 መያዛቸው፣ በ1887 መጀመሪያ ዶጋሊ ላይ ከተሸነፉ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከፍ ያለ ጦር ወደ ወደቡ ማጓጓዛቸው፣ ለጦሩ ከሚያስፈልገው ጋርም ከብት ከባሕር ማዶ መምጣቱ በጽሑፎቹ ዘንድ የተስማማ ነው። ከብቱ ከየት ወደብ እንደተጫነ ግን ጸሐፊዎቹ በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ብዙዎቹ ሕንድን ይጠቅሳሉ። እኔ የሮማን ሰነዶች በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ያላየሁትንም ሰነድ ሌላው ሰው ከጻፈው ማስታወሻ ላይ ገልብጬ እንዳየሁት አድርጌ መጥቀስ አልፈልግም። ስለዚህ ምጽዋንና 1887ን ይዤ የተጫነበትን አገር ትቻለሁ። ስለ ሰሜን ሸዋ የሚናገር ጽሑፍ በዚህ የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስለኝም።

በሽታው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ስለ መሆኑ የእንስሳት ሕክምና ዋቢ እንዲጨመር የተሰጠውን አስተያየት ሳላቅማማ ተቀብያለሁ፤ ለጽሑፉም ጠቅሞታል። በዚያ ዘመን የላቦራቶሪ ምርመራ አልነበረም፤ የደስታ መንሥኤ በማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑ እንኳ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 በቁስጥንጥንያ በተደረገ ምርምር ነው። ስለዚህ ስሙን የምንሰጠው በምልክቱና በአገዳደሉ ነው፤ ትኩሳት፣ የአፍ መቁሰል፣ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ ቀድሞ ባልነካው መንጋ ላይም በቀናት ውስጥ ብዙውን መፍጀት። ይህን የበሽታውን ጠባይ የሚያስረዳ የእንስሳት ሐኪሞች መማሪያ፣ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀበትንም ሰነድ በ6ኛው ገጽ ጠቅሻለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዜና መዋዕሉ ጉዳይ ነው። ገምጋሚው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉት ታሪክ «የቤተ መንግሥት ሰው ቃል ስለሆነ ደካማ ምንጭ ነው» ይላሉ፤ ከተጠቀሰም ከ1930 እስከ 1932 ፓሪስ የታተመው የፈረንሳይኛ ትርጉም እንዲጠቀስ ይሻሉ። ጸሐፊው የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል መሆናቸውና ጌታቸውን ለማመስገን መጻፋቸው ግልጽ ነው። እኔም ስንት ሰው ሞተ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የጠየቅኋቸው ቤተ መንግሥቱ በሬ ሲያልቅ ሕዝቡን ምን አዘዘ፣ ንጉሡስ ዶማ ይዞ መቆፈሩን ለምን ማሳየት ፈለገ የሚለውን ነው፤ በዚህ ላይ ከአንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሚቀርብ ምስክር ከወዴት ይገኛል? የምኒልክ ቆፍሮ ማሳየት ውዳሴ ቢሆንም እንኳ፣ መኳንንቱ ዶማ መያዝን እንደ ነውር ይቆጥሩት እንደነበር የሚያስታውቅ ውዳሴ ነው፤ ክርክሬም ይህንኑ ይፈልጋል። ጥቅሱን ከአማርኛው እትም እንዳለ ትቼ፣ አማርኛ ለማያነቡ ተመራማሪዎች እንዲረዳ የፈረንሳይኛውን ገጽ ከጎኑ ጨምሬያለሁ።

ገምጋሚው እንዲወጣ የጠየቁት የቃል መረጃን ነው። ከተጉለትና ከመንዝ አዛውንቶች የሰበሰብሁት ቃል «ከ130 ዓመት በኋላ የተነገረ በመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በታተመ ጥናት ይተካ» የሚለው አስተያየታቸው በከፊል ትክክል ነው፤ ለዓመተ ምሕረት፣ ለቁጥርና ለቅደም ተከተል የቃል መረጃን ማመን አይገባም፤ በጽሑፌም ለእነዚህ አልተጠቀምሁበትም። የተጠቀምሁበት ለአሠራር ነው። ለምሳሌ በ11ኛው ገጽ የተጠቀሱት የተጉለት አዛውንት ከአያታቸው የሰሙትን ሲናገሩ፣ በሬ ባለቀበት ዘመን ቤተሰቡ ራቅ ያለውን ማሳ ትቶ ከቤቱ ኋላ ያለችውን ቁራሽ ብቻ በዶማ እየቆፈረ ገብስ ይዘራባት እንደነበር፣ ቁራሿም እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ዘንድ «የዶማዋ» ተብላ እንደምትጠራ ገልጸዋል። ከዚያም ስለ መቀናጆ ነገሩኝ፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ስለሚያርሱ፣ የአንዱ በሬ ሲሞት የሁለቱም ቤት ማሳ ጦም ያድራል። ይህ ዝርዝር በመንገደኞቹ ማስታወሻ የለም፤ መንገደኛ የሚያየው በመንገድ ዳር የወደቀውን ሬሳ እንጂ በሁለት ጎረቤቶች መካከል የፈረሰውን ስምምነት አይደለምና።

ሆኖም የገምጋሚው ስጋት ሳይመለስ እንዳይቀር ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። በበሬ ስለሚታረስ እርሻ በጠቅላላው የሚናገረውን ክፍል ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ደግፌዋለሁ። እያንዳንዱ የቃል መረጃም ከማን ወገን እንደመጣ፣ ተናጋሪው ራሱ ያየው ይሁን ከወላጅ ወይም ከአያት የሰማው፣ በየግርጌ ማስታወሻው እንዲታወቅ አድርጌያለሁ። ከዚህ አልፌ የቃል መረጃውን ላውጣው ብል ጽሑፉ ስለ ሰሜን ሸዋ መናገሩን ትቶ ሌሎች የጻፉትን መድገም ብቻ ይሆንበታል።

ገምጋሚው በአስተያየታቸው መጨረሻ እንድጠቅሳቸው የዘረዘሯቸውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች በሙሉ አንብቤያለሁ። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የከብት በሽታዎች ስርጭት የሚያትቱት ጠቅመውኛል፤ በ5ኛውና በ6ኛው ገጽ ላይ ገብተዋል። የቀሩት ስለ ክፉ ቀን የሚናገሩት በመግቢያቸው በአንድ አንቀጽ ብቻ ሲሆን፣ አንቀጹም ከላይ የገለጽሁት የጥቅስ ሰንሰለት አካል ነው። እነዚህን አልጨመርሁም። ዋና አዘጋጁ መጨመራቸውን የግድ ካሉ በመግቢያው ላይ «ተጨማሪ ንባብ» በሚል ላመለክታቸው እችላለሁ፤ ለተወሰነ ቃል ማስረጃ አድርጌ ማቅረብ ግን አይቻለኝም።

የዘመን አቆጣጠርን በሚመለከት ገምጋሚው ሁሉም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ እንዲጻፉ ጠይቀዋል። በአንድ ዓይነት መጻፉ ለአንባቢ ይመቻል፤ ነገር ግን 1881 ዓ.ም. ከመስከረም 1888 እስከ ጳጉሜን 1889 እ.ኤ.አ. ስለሚዘልቅ፣ ዜና መዋዕሉ «በ1881» ያለውን ወደ አንድ የአውሮፓ ዓመት መመለስ ምንጩ ያልተናገረውን መጨመር ይሆናል። ወሩ ሲታወቅ፣ ለምሳሌ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በቆሰሉበት በመጋቢት 1881፣ ሁለቱንም ጽፌያለሁ፤ ወሩ ካልታወቀ የምንጩን ዓመት አስቀድሜ 1888/89 ብዬ አስከትያለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተሻሻለውን ረቂቅ በሁለት መልክ አያይዣለሁ፤ አንደኛው ለውጦቹ በቀለም የተለዩበት፣ ሁለተኛው ንጹሑ ቅጂ ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ስለረዘሙ ጽሑፉ መጽሔቱ ከወሰነው የቃላት ብዛት ጥቂት አልፏል። መቀነስ ካስፈለገ በ9ኛው ገጽ ስለ አንበጣና ተምች የሚናገረውን አንቀጽ ማሳጠርን እመርጣለሁ፤ ስለ በሬ የሚናገረው ክፍል ግን ሳይነካ እንዲቆይ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ለገምጋሚው እንደሚተላለፍ በማሰብ ስሜንና አድራሻዬን ከዚህ ላይ አላሰፈርሁም፤ ሁለቱም በጽሕፈት ቤቱ በተመዘገበው ቅጽ ላይ ይገኛሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የጽሑፉ አቅራቢ