ጉዳዩ፦ ከከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ቅጥር ውድድር መውጣቴን ስለማሳወቅ

ይድረስ ለወ/ሮ ሰብለ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ከምታወዳድሯቸው ሰዎች መካከል ስሜን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላ ድርጅት ያቀረበልኝን ሥራ ተቀብዬ ትናንት ከሰዓት በኋላ ውል ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከፋይናንስ ዳይሬክተሩ ጋር የተያዘልኝ ቀጠሮ ይሰረዝልኝ። ሰዓቱ ለሌላ ተወዳዳሪ እንዲደርስ ብዬ ነው ሳልዘገይ የጻፍኩት። ለምስክርነት ስልኳን የሰጠኋችሁ የቀድሞ አለቃዬ ጋርም ገና ካልደወላችሁ፣ ከእንግዲህ መደወል አያስፈልግም።

የተቀበልኩት ሥራ በበጀትና በዕቅድ ላይ ያተኮረ ነው። እስካሁን የሠራሁት በአብዛኛው ወር መዝጋት ላይ ስለሆነ፣ ወደዚያ መሻገር የቆየ ፍላጎቴ ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው። እናንተ ዘንድ ቅር ያሰኘኝ ነገር የለም። ደመወዝ ለማስጨመር የጻፍኩት እንዳይመስልዎትም እፈልጋለሁ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ውሳኔዬም የመጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሰሌዳው ላይ የመዝገቡን ቀሪና የቆጠራውን ውጤት ጎን ለጎን ጽፈው፣ «ቁጥሩን ከማስተካከልዎ በፊት ማንን ያናግራሉ?» ብለው ጠየቁኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ አልኩ። ከዚያ ወሩ ሊያልቅ ሲል ግምጃ ቤት ስለሚገባና ኢንቮይሱ ገና ስላልደረሰ ዕቃ ስናወራ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያናገሩኝ። ዓመት ሲዘጋ ማምሸት እንዳለም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ከቀጣሪ እንዲህ ያለ ግልጽነት ብዙ ጊዜ አላገኘሁም፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ጋር መሥራት የሚያጓጓኝ ነገር ስለነበር ይህን ደብዳቤ መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም።

ለጽሑፍ ፈተናው የላካችሁልኝን የኤክሴል ፋይል ከኮምፒውተሬ አጥፍቻለሁ። ውስጡ የደንበኞች ስም ስላለ ሌላ ቅጂ እኔ ጋር እንዳልቀረ ቢያውቁት ብዬ ነው።

ቀጠሮዎቹን ያመቻቸችልኝን የሰው ሀብት ባልደረባችሁንም አመስግኑልኝ። የመጀመሪያው ሰዓት ከሥራዬ ጋር ሲጋጭብኝ ምንም ሳይከብዳት ነው ያዛወረችልኝ።

ለቦታው የሚሆን ጥሩ ሰው ቶሎ እንድታገኙ እመኛለሁ። ከእኔ የሚፈለግ ተጨማሪ ነገር ካለ በዚሁ ኢሜይል ወይም በስልኬ ያገኙኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሄኖክ